ጥር 18 ጃንዋሪ 18 አይደለም

(ደብረ ማርቆስ ላይ ለጽሕፈት ቤትና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንዲት የሦስት መስመር መልእክት ነው። የጻፈችው ባልደረባዬ ናት። ክረምቱ ሳይወጣ በወሊድ ፈቃድ ስትወጣ ሥራዋን የተረከብኩት እኔ ነበርኩ፤ ስለዚህ መልእክቷ ያመጣው ጣጣ ሁሉ የደረሰው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ይህን ለእናንተ እንድናገር ፈቅዳልኛለች። እንዲያውም «የራስህንም ጥፋት መናገር እንዳትረሳ» ብላኛለች። አልረሳም።

መሥሪያ ቤታችን በጮቄ ተራራ ዙሪያ በአፈርና ውኃ ጥበቃ ላይ ይሠራል። ሪፖርቱ ከስናን፣ ከማቻከልና ከቢቡኝ በአማርኛ ይመጣል፣ ገንዘቡ ደግሞ ከባሕር ማዶ በእንግሊዝኛ። መሀል ላይ የተቀመጠችው እርሷ ነበረች። ኢሜይሏ ላይ ያስቀመጠችው መልእክት እንዲህ ይላል፦

«እስከ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. በወሊድ ፈቃድ ላይ ስለሆንኩ በሥራ ገበታዬ ላይ አልገኝም። ለአስቸኳይ ጉዳይ ከ2፡30 እስከ 6፡30 በቢሮ ስልክ ይደውሉ። ሥራዬን ባልደረባዬ ሸፍኖ ይዟል።»

ከሥሩ እንግሊዝኛው ነበር። ቃል በቃል የተተረጎመ፣ ሰዋስዉ እንከን የሌለበት እንግሊዝኛ። አለቃችን አይቶት «ጥሩ ነው» ብሏል። እኔም አይቼው አልፌዋለሁ፤ የመጀመሪያው ጥፋቴ ይኸው ነው። በእንግሊዝኛው ላይ የመመለሻዋ ቀን `January 18, 2018` ይላል።

እስቲ ይህን ያነበቡትን ሁለት ሰዎች እንከተል። አንደኛዋ የለጋሹ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ናት። በታኅሣሥ ስለ በጀት ማሻሻያ ጻፈችላት፤ አውቶማቲክ መልሱ መጣላት። 2018 የሚለውን አየች። በእርሷ አቆጣጠር ጊዜው 2025 ነው። «ይህቺ ሴት ከሰባት ዓመት በላይ የተረሳ መልእክት አላት፤ አድራሻውም የተተወ ነው» ብላ ዘጋችው። ሌላ አድራሻ ስትፈልግ ሁለት ሳምንት አለፈ። ሁለተኛው ሰው ትንሽ ብልህ ነበር። ዓመተ ምሕረቱ ስህተት መሆኑን ገምቶ ቀኑን ግን አመነው። ጃንዋሪ 18 እስኪያልፍ ጠብቆ በማግሥቱ፣ በ19 ጻፈ፣ ደወለም። ያ ቀን ጥር 11 ነበር። እኛ ታቦት አጅበን ጥምቀተ ባሕሩ ላይ ነን፤ ቢሮው ውስጥ ከዘበኛው በቀር ሰው የለም።

ጥር የሚባለው ወር ጃንዋሪ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ብዕር ስንይዝ ግን እጃችን «ጥር» ሲል በእንግሊዝኛ ጃንዋሪ ብሎ ይጽፍና ቁጥሩን እንዳለ ይገለብጠዋል። በዚህ ዓመት ጥር 1 የዋለው ጃንዋሪ 9 ነው። ስለዚህ ጥር 18 ማለት ጃንዋሪ 26 ነው፤ ልዩነቱ ስምንት ቀን። ይህ ልዩነት በየወሩ ይለያያል። በመስከረምና በጥቅምት አሥር ቀን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ዘጠኝ፣ በጥር ስምንት፣ በየካቲት ሰባት ይሆንና በመጋቢት ተመልሶ ዘጠኝ ይሆናል። እየወረደ ሄዶ በነሐሴ ስድስት ይደርሳል። ይህንንም ቢሆን በቃላችሁ አትመኑት። በ2019 ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለምትሆን የ2020 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ ከዚያም ፌብሩዋሪ እስኪያልቅ ሁሉም በአንድ ቀን ይገፋል።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? በስልካችሁ ያለው የቀን መለወጫ ይበቃል። ግን መለወጫውም ቢሆን በተሳሳተ ቁጥር ከጠየቃችሁት በተሳሳተ ቁጥር ይመልሳል። እኔ የማምነው ሌላ ነገር ነው፤ የሳምንቱን ቀን። ሁለቱ አቆጣጠሮች በዓመት አይስማሙም፣ በወር አይስማሙም፣ በቀን ቁጥርም አይስማሙም። ሰኞ ግን በሁለቱም ሰኞ ነው። ባልደረባዬ «ሰኞ ጥር 18» ብላ ጽፋ ቢሆን ኖሮ፣ እንግሊዝኛውን ስትጽፍ ጃንዋሪ 18 የትኛው ቀን እንደሆነ ማየት ነበረባት። እሑድ ሆኖ ታገኘው ነበር። እሑድ ሥራ የሚጀምር ሰው ስለሌለ ስህተቱ እዚያው ይያዝ ነበር። በሁለቱም ቋንቋ የሳምንቱን ቀን ጻፉ። አንባቢው ራሱ ያርማችኋል፤ እናንተም ከመላካችሁ በፊት ትታረማላችሁ። በእንግሊዝኛው ላይ ደግሞ ወሩን በፊደል እንጂ በቁጥር አትጻፉ፤ `26 January 2026` ብላችሁ። በቁጥር ብቻ ከሆነ አሜሪካዊው ወሩን አስቀድሞ፣ እንግሊዛዊው ቀኑን አስቀድሞ ስለሚያነበው ሌላ ጣጣ ትጨምራላችሁ።

«እስከ» የሚለው ቃልም አለ። «እስከ ጥር 18» ሲባል ጥር 18 ትገባለች ወይስ አትገባም? በዚህ አዳራሽ ያላችሁትን ብጠይቅ ለሁለት ትከፈላላችሁ። እኔ ራሴ በ17 ማታ ነገ ትመጣለች ብዬ ቁልፉን አዘጋጅቼ ነበር፤ የአለቃችን ሹፌር ግን ማክሰኞ ነው የጠበቃት። ስለዚህ የምትቀሩበትን ሳይሆን የምትገቡበትን ቀን ጻፉ፦ «ሥራ የምጀምረው ሰኞ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው።»

ማሽኑ ደግሞ ከሰው ይልቅ የዋህ ነው። እርሷ የምትጠቀመው ጂሜይል ነው። በቅንብሩ ውስጥ `Vacation responder` በሚለው ሥር `First day` እና `Last day` የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ። ሁለቱም የሚረዱት የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው። እርሷም የመጨረሻ ቀን በሚለው ያንኑ ጃንዋሪ 18 አስገባች። ማሽኑ አመናት። በ18 እኩለ ሌሊት መልስ መስጠት አቆመ። ከዚያ እስከ ጥር 18 ድረስ ባለው ሳምንት ለጻፈላት ሰው መልስ የሚሰጥ አልነበረም። እርሷም የለች፣ መልእክቷም የለ። ከሁሉ የከፋው ሳምንት ያ ነበር፤ መልእክቱ የተሳሳተ ቀን ሲናገር ቢያንስ በቢሮው ስልክ ደውሉ ይል ነበርና። ትክክለኛው የመጨረሻ ቀን ጃንዋሪ 25 ነው፤ ከመግቢያዋ በፊት ያለው እሑድ።

እዚህ ላይ ስለ ማሽኑ ሌላ ልበል። ጂሜይል ለአንድ ሰው መልሱን የሚልከው በአራት ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መልእክቱን ካስተካከላችሁት ግን ያ ሰው እንደገና ሲጽፍ አዲሱን ይልክለታል። ይህ ለወሊድ ፈቃድ በጣም ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የወሊድ ፈቃድ የመመለሻ ቀን ከመውለጃው በፊት አይታወቅም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ፈቃዱ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90። የኋለኛው የሚቆጠረው ከወለደችበት ቀን ነው፤ ልጅ ደግሞ ቀጠሮ አክብሮ አይመጣም። ስለዚህ ስትወጡ የምትጽፉት መልእክት ቁርጥ ያለ ቀን ሊኖረው አይገባም። «ከጥር አጋማሽ በኋላ እመለሳለሁ፤ ትክክለኛውን ቀን በኅዳር ወር በዚሁ መልእክት አስታውቃለሁ» ማለት ይበቃል። ከወለዱ በኋላ አንድ ጊዜ ማስተካከል ነው። ባልደረባዬ ያንን ቀን ያስገባችው ከወለደች በኋላ፣ ሕፃኑን በአንድ እጇ አቅፋ፣ በሌላው ስልኳን ይዛ ነው። እኔ ብሆን ከዚያ የባሰ ነበር የምጽፈው። ቀኑን አብሮ የሚያይላት ሰው አስቀድሞ መመደብ ነበረበት፤ ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ሁለተኛው ጥፋቴ።

አውትሉክ የምትጠቀሙ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለባችሁ። ለመሥሪያ ቤቱ ሰውና ለውጭ ሰው ለየብቻ መጻፊያ ሁለት ሳጥን ይሰጣችኋል፤ `Inside my organization` እና `Outside my organization` ይባላሉ። ብዙ ሰው ውስጠኛውን በአማርኛ፣ ውጭኛውን በእንግሊዝኛ ሞልቶ ይረካል። ነገሩ አዲስ አበባ ላለ ትልቅ ድርጅት ይሠራ ይሆናል። እዚህ ግን የግብርና ባለሙያው ከሮብ ገበያ የሚጽፍላችሁ ከግል ጂሜይሉ ነው። ለአውትሉክ እርሱ «ውጭ» ነው። ስለዚህ ከጎጃም ገበሬ ጋር የሚውለው ሰው እንግሊዝኛ ብቻ ይደርሰዋል፤ ውስጥ ያሉት፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያነቡት፣ አማርኛውን ያገኛሉ። ውጭኛው ሳጥን ሁልጊዜ ሁለቱን ቋንቋ ይያዝ።

የትኛው ይቅደም? ስልክ ላይ የሚታየው ርእሱና የመጀመሪያው መስመር ነው። የባልደረባዬ መልእክት በአማርኛ ይጀምር ስለነበር የባሕር ማዶዋ ሴት ስልኳ ላይ ያየችው የማታነባቸውን ፊደሎች ነው። አማርኛው መቅደሙን እወዳለሁ፤ አገራችን ነው፣ አንባቢያችንም ይበዛል። ርእሱ ግን የሁለቱም ይሁን፦

```
ፈቃድ ላይ ነኝ፤ ሰኞ ጥር 18 እገባለሁ / Back Mon 26 Jan 2026
```

ይህን ያየ ሰው መልእክቱን ባይከፍተውም ዋናውን አውቋል።

ወደ ሰዓቱ ልሂድ፤ አጭር ነው። «ከ2፡30 እስከ 6፡30» ለኛ የጠዋቱ የቢሮ ሰዓት ነው። እንግሊዝኛው ቁጥሩን እንዳለ ስለያዘው ፈረንጁ ከሰዓት በኋላ መስሎት ደወለ። በኛ ቆጠራ 8፡30 ላይ ማለት ነው። ደግነቱ ቢሮ ነበርኩ፤ ግን መስክ የምወጣው በአብዛኛው ከምሳ በኋላ ነው፤ ሌላ ቀን ቢሆን አያገኘኝም ነበር። በአማርኛው «ከጠዋቱ» የሚለውን ጨምሩ፤ በእንግሊዝኛው 8:30 ብላችሁ በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት መሆኑን ግለጹ።

አሁን ከሁሉ በላይ ወዳስቸገረኝ መስመር ደርሻለሁ። «ሥራዬን ባልደረባዬ ሸፍኖ ይዟል» ይላል አማርኛው። ሸፍኖ መያዝ ማለት ምን እንደሆነ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ደብዳቤ ይቀበላል፣ ስልክ ያነሳል፣ የቸኮለውን ለአለቃ ያደርሳል። እንግሊዝኛው ግን «ጉዳዩን ሁሉ በእርሷ ምትክ ይፈጽማል» የሚል ሆኖ ወጣ። የሒሳብ ሠራተኛዋ በመጨረሻ ስታገኘኝ የበጀት ማሻሻያውን ፈርሜ እንድመልስላት ላከችልኝ። ውክልና የለኝም። «ስለ» ብዬ ልፈርም የምችልበት ደብዳቤ በእጄ የለም፤ ማኅተሙም እኔ ዘንድ አይደለም። ይህን ስነግራት «መልእክቱ ሁሉንም ትሠራለህ ይላል» አለችኝ። ልክ ናት።

በአማርኛ ተጠባባቂ፣ ተወካይና ሸፍኖ የሚሠራ ሰው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ተጠባባቂው በመደቡ ላይ ተቀምጦ ይወስናል፤ ተወካዩ ውክልናው የሚለውን ያህል ብቻ ይፈርማል፤ ሸፍኖ የሚሠራው አይፈርምም። እንግሊዝኛ ስንጽፍ ሦስቱንም በአንድ ቃል እናልፋቸዋለን። ስለዚህ የማዕረግ ቃል አትፈልጉ፤ የሚችለውንና የማይችለውን በግልጽ አስቀምጡ። «መልእክት ይቀበላል፣ ሪፖርት ያደርሳል፤ ፊርማ የሚፈልግ ነገር ለሥራ አስኪያጁ ይላክ።» ይህ ዓረፍተ ነገር በየትኛውም ቋንቋ አይዛባም።

ምክንያቱን መጻፍስ? «በወሊድ ፈቃድ» የሚለው በእንግሊዝኛው ባይኖር ማንም አይጎዳም፤ ፈቃድ ላይ ናት ማለት ይበቃል። በአማርኛው ግን ገና ሳትወልድ ከየወረዳው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል መልእክት ጎረፈላት። እናቷ ይህን ሲሰሙ ደስ አላላቸውም፤ ያልወለደች ሴት እንዲህ አትባልም። እርሷ ግን እየሳቀች ለእያንዳንዱ መለሰች፤ በፈቃድ ላይ ሆና።

እንግዲህ ስለ ርክክብ ሰነዱ። ብዙዎቻችሁ ሙሉውን በሁለት ቋንቋ እንድትጽፉ ትጠየቃላችሁ። አትጻፉ። በሁለት ቋንቋ ሙሉ በሙሉ የተጻፈ የርክክብ ሰነድ በሁለተኛው ሳምንት ሁለት የተለያዩ ሰነዶች ይሆናል፤ ተረካቢው አንዱን ሲያስተካክል ሌላውን ይረሳዋል። እኛ አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው። ዋናው ሰነድ በአማርኛ ነው፤ የሚሠራበትም ሰው፣ የሚደወልለትም ወረዳ አማርኛ ነውና። ለለጋሹ የሚሄደው በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ነው፤ እነርሱን የሚነካው ብቻ። የጉዳዮቹ ቁጥር ግን በሁለቱም አንድ ነው። በአማርኛው ሰባተኛ የሆነው ጉዳይ በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ ሁለተኛ ሆኖ ቢቀመጥም ቁጥሩ 7 ነው። ስልክ ላይ «ስለ ሰባት ቁጥር» ሲባል ሁላችንም አንድ ነገር እናያለን። ከላይ ደግሞ «ልዩነት ቢገኝ የአማርኛው ይጸናል» የሚል መስመር አለ።

አንዱን ጉዳይ ልዘርዝርላችሁ፤ እኔን ያሳሳተኝን። ባልደረባዬ በሰነዷ «የሁለተኛው ሩብ ዓመት ሪፖርት፣ ለወረዳዎች ተነግሯል» ብላ ጽፋልኛለች። በበጀት ዓመታችን፣ ከሐምሌ 1 በሚጀምረው፣ ሁለተኛው ሩብ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። የለጋሹ ዓመት ጃንዋሪ 1 ስለሚጀምር ለእነርሱ ያው ጊዜ አራተኛ ሩብ ነው። በእንግሊዝኛው ሰነድ ግን `Q2` ተብሎ ተተርጉሟል። ለእነርሱ ያ ማለት ከኤፕሪል እስከ ጁን ያለው፣ ቀድሞ የተላከ ሪፖርት ነው። «ይህ ደርሶናል» ብለው መለሱልኝ። እኔም ደርሷል ካሉ ብዬ ፋይሉን ዘጋሁት። ሦስተኛው ጥፋቴ፤ ሳይላክ እንዴት ደረሰ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ።

ሌላም አለ። የእነርሱ ሩብ የሚዘጋው ዲሴምበር 31 ነው፤ ማለትም ታኅሣሥ 22። የወረዳው የሚዘጋው ታኅሣሥ 30፣ ጃንዋሪ 8 ላይ። በመሀል ስምንት ቀን አለ። በእነዚያ ስምንት ቀናት የተሠራ እርከን በየትኛው ሪፖርት ይገባል? ባልደረባዬ መልሱን ታውቀዋለች፤ ለዓመታት ስትሠራው ኖራለች። የወረዳውን ቁጥር እንዳለ ትወስድና ከግርጌው የሚዘጋበትን ቀን ትጽፋለች። ነገር ግን በጭንቅላቷ እንጂ በወረቀት አልነበረም። የርክክብ ሰነድ ውስጥ የሚጎድለው ሁልጊዜ ይህ ነው፤ ሰውየው ሥራ መሆኑን እስኪረሳው ድረስ የለመደው ነገር።

«ተነግሯል» የሚለውን ቃልም ተመልከቱት። ማን ነገረ? ለማን? መቼ? ማቻከል ስደውል «አልሰማንም» አሉኝ፤ ቢቡኝ «ሰምተናል፣ ግን የሰማው ባለሙያ ተዛውሯል» አሉኝ። አማርኛችን እንዲህ ያለ ግስ በብዛት አለው፦ ተነግሯል፣ ተልኳል፣ በሂደት ላይ ነው፣ ይታያል። በስብሰባ ላይ ሰውን ከማሳፈር ያድናሉ፣ ለዚያ ጥሩ ናቸው። በርክክብ ሰነድ ላይ ግን ባለቤት የሌለው ግስ እንዳይኖር አድርገናል። አሁን ያው ጉዳይ እንዲህ ይነበባል፦

«ቁጥር 7። የጥቅምት–ታኅሣሥ 2018 ሪፖርት (ለለጋሹ 4ኛ ሩብ፣ 2025)። ሐሙስ ሐምሌ 24 ለሦስቱም ወረዳ የዕቅድ ባለሙያዎች እኔ ደውያለሁ፤ ደብዳቤው በሰማያዊው ማኅደር ነው። የወረዳ ቁጥር የሚገባው እስከ ረቡዕ ጥር 6 (14 ጃንዋሪ 2026) ማታ ነው። ካልገባ መጀመሪያ ለቢቡኝ ደውል። ቁጥሩን አትቀንስ፣ አትከፋፍል፤ የሚዘጋበትን ቀን ከግርጌ ጻፍ። ለጋሹ ካልተቀበለ አንተ አትወስንም፤ ለሥራ አስኪያጁ አቅርብ።»

ረዘመ ትሉ ይሆናል። ረዝሟል። ግን ይህን የያዘ ተረካቢ አንድ ጊዜም ቢሆን ወደ አራስ ቤት መደወል አያስፈልገውም። እኔ ስንት ጊዜ እንደደወልኩ እርሷ ቆጥራለች፤ አስራ አንድ ጊዜ።

ስለ ፊደሉ አንድ ነገር ተናግሬ ልጨርስ። ሰነዱን በድሮው የግእዝ ፊደል መጻፊያ የምትጽፉ አሁንም አላችሁ። ፊደሉ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። በዩኒኮድ ጻፉ፤ አንድ ቅጂ በፒዲኤፍ፣ አንድ ደግሞ ታትሞና ተፈርሞ በማኅደር ይቀመጥ። መብራት ሲጠፋ የሚነበበው እርሱ ነው።

ባልደረባዬ ሰኞ ጥር 18 ጠዋት 2፡30 ላይ ገባች። ጠረጴዛዋ ላይ ያቆየሁላትን የመልስ ርክክብ ሰነድ ቁጭ ብላ አነበበች፤ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ እስክሪብቶ አንስታ ሦስት ቦታ አሰመረችበት። ሦስቱም «ተልኳል» የሚል ነበር።